ብዥታው ከየት መጣ? የስልክ ካሜራ ከመቀየሩ በፊት



የስልክ የኋላ ካሜራ ብዥ ያለ ፎቶ ማውጣት ወይም መንቀጥቀጥ ሲጀምር አብዛኛው ሰው በቀጥታ የሚሄደው ወደ ሞባይል ቤት ነው። እዚያ የሚሰጠው መልስም ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ካሜራው ሄዷል፣ ይቀየር»። ይህ መልስ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሳይመረመር ሲሰጥ ግን ሰውን ለማያስፈልገው ወጪ ይዳርጋል። ዛሬ በፊታችሁ የምሟገትለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ብዥታ ከተለያየ ምክንያት ይመጣል፣ እያንዳንዱ ምክንያትም በፎቶው ላይ የራሱን ምልክት ትቶ ያልፋል። ምልክቱን ማንበብ የቻለ ሰው አንድ ብሎን ሳያስፈታ ችግሩ መስታወቱ ላይ ይሁን፣ ስልኩ በለበሰው ባለማግኔት ሽፋን ላይ ይሁን፣ ወይስ ውስጥ ባለው ሞተር ላይ ለይቶ ማወቅ ይችላል። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ ያለ አንዳች ክፍያ የሚስተካከሉ ናቸው።

ምልክቱን ለማየት የሚመቸው ጊዜ ማታ ነው። ከሩቅ የሚታይ የመንገድ መብራት አንሱና ፎቶውን አጉልታችሁ ተመልከቱት። መብራቱ በጨለማው ውስጥ እንደ ነጥብ መውጣት ነበረበት። ነጥቡ በቦታው ሆኖ ዙሪያውን ጭጋግ ከከበበው፣ ወይም ከመብራቱ በግራና በቀኝ ረጅም የብርሃን ጨረር ከተዘረጋ፣ የሚጠረጠረው የሌንሱ ፊት ነው። ነጥቡ አጭር መስመር ወይም የተጠማዘዘ ክር ከሆነ፣ ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት የተንቀሳቀሰ ነገር አለ፤ እጅ ሊሆን ይችላል፣ ውስጥ ያለው ሌንስም ሊሆን ይችላል። ነጥቡ ሰፍቶ ድፍን ክብ ከሆነ ደግሞ ሌንሱ መቆም የነበረበት ቦታ ላይ አልቆመም፤ ፎከሱ ስቷል ማለት ነው። ጭጋግ፣ ክር፣ ክብ፦ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በእነዚህ ሦስት ምልክቶች ላይ የሚያጠነጥን ነው።

ከጭጋጉ ልጀምር። የጣት ቅባት፣ የፊት ክሬም፣ የወጥ ቤት እንፋሎት ሌንሱን በሚሸፍነው መስታወት ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ብዙ ሰው «ሌንሱ ቆሽሾ ቢሆን ኖሮ እድፉ ፎቶው ላይ ይታይ ነበር» ብሎ ይከራከራል። ክርክሩ ስህተት ነው። እድፉ ለሌንሱ ከመጠን በላይ ስለሚቀርብ ካሜራው ቅርጹን አጥርቶ ሊያየው አይችልም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የሚገባውን ብርሃን በየአቅጣጫው መበተን ነው፤ ስለዚህ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ መስኮት አጠገብ የቆመ ሰው ፊቱ በወተት የታጠበ ይመስላል። ጨረሩ ደግሞ የጠራጊውን እጅ ያጋልጣል። መስታወቱ በሸሚዝ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ሲጠረግ ቅባቱ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ጥቃቅን መስመሮችን ይሠራል፤ ብርሃኑ የሚዘረጋው ግን እነዚያን መስመሮች በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ጎን ነው። ስልኩን ወደ ጎን አጋድማችሁ ያንኑ መብራት ስታነሱ ጨረሩም አብሮ ከዞረ ጥርጣሬው አበቃ፤ ጉዳዩ የመስታወቱ ፊት ነው።

«እኔ እኮ በየቀኑ እጠርገዋለሁ» የሚል መልስም ይቀርባል። በልብስ መጥረግ ብዙውን ጊዜ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያነሳውም። መጀመሪያ አቧራውን እፍ ማለት፣ ከዚያ ንጹሕ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ በትንሹ አርጥቦ በክብ እያዞሩ መጥረግ፣ በመጨረሻም በደረቁ ክፍል ማድረቅ ይበቃል። ካሜራው ላይ የሚለጠፍ መከላከያ መስታወት ካለ ግን ይህ ሁሉ ላይረዳ ይችላል፤ ምክንያቱም አቧራውና እርጥበቱ የሚገባው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ነው። ተለጣፊው የብልጭታውን መብራት ወደ ሌንሱ መልሶ የሚያንጸባርቅበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ተለጣፊው ይላጥና ያው ቦታ እንደገና ፎቶ ይነሳ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጭጋጉ ካልለቀቀ የውጪው መስታወት ተጭሮ ወይም ከውስጥ እርጥበት ገብቶ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ መጫሩ ከታወቀ ደግሞ የሚቀየረው መስታወቱ ነው፤ ካሜራው ጤነኛ ነው።

ወደ ክሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው በብርሃን ማነስ የመጣውን ነገር የካሜራ ብልሽት አድርጎ በመቁጠር ነው። ቤት ውስጥ ማታ ላይ ስልኩ በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ለምሳሌ አንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ሕፃን በዚያ ጊዜ ውስጥ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ፊቱ ብዥ ቢል ምንም አያስደንቅም። የትኛውም የካሜራ ማረጋጊያ ሞተር ይህን አያድንም፤ ሞተሩ የሚያስተካክለው የእጃችንን መንቀጥቀጥ እንጂ የሕፃኑን ሩጫ አይደለም። መለያው ግልጽ ነው። የተንቀሳቀሰው ሰውዬው ከሆነ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ እጃችን ወይም ሌንሱ ከሆነ ግን ፎቶው ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰመራል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በጠራራ ፀሐይ ያንሳ። በዚያ ብርሃን ካሜራው የሚያስፈልገው ከሺህ አንድ ሰከንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ስለሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ ምልክት ለመተው ጊዜ የለውም። በቀን ውጪ የተነሳ ፎቶም ብዥ ካለ፣ መስታወቱም ንጹሕ ከሆነ፣ ምርመራው ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

ውስጡ ምን እንዳለ ካላወቅን ማግኔት ለምን ካሜራን እንደሚረብሽ ሊገባን አይችልም። ማረጋጊያ ባለው ካሜራ ሌንሱ በጣም በቀጠኑ ሽቦዎች ወይም ስፕሪንጎች ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ዙሪያውን ጥቃቅን ማግኔቶችና የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች ከበውታል። ጃይሮስኮፕ የሚባለው ሴንሰር እጃችን ወደየት እንዳዘነበለ ይለካል፤ በጥቅልሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ ጥቅልሉና ማግኔቱ ይገፋፋሉ ወይም ይሳሳባሉ፤ ሌንሱም እጁ ከሄደበት በተቃራኒው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ርቀት ይንሸራተታል። ሌንሱ የታዘዘበት ቦታ መድረሱን የሚያረጋግጥ ሌላ ሴንሰር አለ፤ እሱ የሚሠራው የማግኔቱን ኃይል በመለካት ነው። አይፎን ላይ ይህ ማረጋጊያ በ2014 እ.ኤ.አ. ከአይፎን 6 ፕላስ ጋር መጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፎን 12 ፕሮ ማክስ ደግሞ በሌንሱ ፈንታ ምስሉን የሚቀበለውን ሰሌዳ ራሱን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ አፕል ይህ አሠራር በሰከንድ እስከ 5,000 ጊዜ ማስተካከያ እንደሚያደርግ ገልጿል። በ2021 እ.ኤ.አ. እንደወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ52 ያሉ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮችም ማረጋጊያ አላቸው። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ ስልኮች ግን ዛሬም ይህ ማረጋጊያ የላቸውም። የራስን ስልክ ዓይነት ማወቅ ስለዚህ የምርመራው አካል ነው፤ የሌለ ሞተር አይበላሽም።

አሁን ወደ ባለማግኔት ሽፋኖች እንመለስ። እንደ ቦርሳ የሚታጠፉት ሽፋኖች መዝጊያቸው ማግኔት ነው፤ ከጀርባ የሚለጠፉ የካርድ መያዣዎችም እንዲሁ፤ መኪና ውስጥ ስልክ የሚይዙት መደገፊያዎችም ከማግኔትና ከብረት ሳህን የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ካሜራው አጠገብ ሲያርፍ፣ የሌንሱን ቦታ የሚለካው ሴንሰር ከራሱ ማግኔት ሌላ የባዕድ ማግኔት ኃይል ይሰማዋል። ሌንሱ በቦታው ሳለ የሌለ ይመስለዋል፤ ይገፋዋል። አፕል ራሱ በድጋፍ ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ በካሜራው አቅራቢያ ያለ ማግኔት የሴንሰሮቹን ትክክለኛነት ይቀንሳል ወይም ለጊዜው ከሥራ ውጪ ያደርጋቸዋል፤ ሌንሱ የሚንቀሳቀስበትንም ስፋት ያጠብባል። ፎቶው ላይ የሚታየው ምልክት ብዙውን ጊዜ ክቡ ነው፦ ቅርብ ያለ ነገር አልጠራ ይላል፣ ፎከሱ ይሄዳል ይመጣል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል። ከአይፎን 12 ጀምሮ አብዛኞቹ አይፎኖች ራሳቸው ከጀርባቸው የማግኔት ቀለበት አላቸው፤ ማግኔት ካሜራን የሚጎዳ ከሆነ አምራቹ ለምን ያስገባዋል? መልሱ ርቀትና አቀማመጥ ላይ ነው። የትንሽ ማግኔት ኃይል ከራሱ መጠን ራቅ ሲሉ በጣም ፈጥኖ ይወድቃል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ስምንተኛው ገደማ ይወርዳል። የስልኩ ቀለበት ከካሜራው በታች ተለክቶ የተቀመጠና ካሜራው ሲሠራ በስሌት ውስጥ የገባ ነው። ለየትኛው ስልክ እንደተሠራ የማይታወቅ ሽፋን መዝጊያ ግን የሚያርፈው እንዳጋጣሚ ነው፤ በአንዱ ስልክ ከካሜራው አራት ጣት ይርቃል፣ በሌላው ጎኑ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ባለማግኔት ሽፋን ሁሉ ይጣል አልልም። የምለው ይህ ነው፦ ሽፋኑን፣ ካርድ መያዣውንና የብረት ሳህኑን አውልቃችሁ አንድ ቅርብ ነገር፣ ለምሳሌ የጋዜጣ ጽሑፍ አንሱ፤ መልሳችሁ አድርጋችሁ ያንኑ አንሱ። ሁለቱ ፎቶዎች ከተለያዩ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ማግኔቱ ሲርቅ ሴንሰሩ ወደ ልኩ ስለሚመለስ፣ በዚህ መንገድ የመጣ ብዥታ በተለመደው ሁኔታ ዘላቂ ጉዳት አይደለም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ በቪዲዮዎች የተሰራጨ አንድ ዘዴ አለ፦ የሚንቀጠቀጥ ካሜራ አጠገብ ማግኔት ሲያስጠጉት መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ስለዚህ ማግኔት መድኃኒት ነው ይባላል። የሚታየው ነገር እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ማግኔቱ ልጓም የሳተውን ሌንስ ወደ አንድ ጎን ስቦ ያስረዋል። የታሰረ ሌንስ አይንቀጠቀጥም፤ እጅም አያረጋጋም፣ ፎከሱንም በትክክል አይዝም። ቢሆንም ዘዴውን እንደ ምርመራ እወደዋለሁ። ማግኔት ሲጠጋው የሚቆም መንቀጥቀጥ ምንጩ ያ ተንጠልጣይ ሌንስና ሞተሩ መሆኑን ጥሩ አድርጎ ያመለክታል።

ሞተሩ ታዲያ ለምን ይበላሻል? አንዱ መንገድ መውደቅ ነው፤ ሌንሱን የያዙት ሽቦዎች ይጣመማሉ ወይም ይበጠሳሉ። ሌላው በጸጥታ የሚሠራው ንዝረት ነው። አፕል በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ኃይለኛ የሞተር ብስክሌት ሞተር በመሪው በኩል የሚያስተላልፈው ንዝረት የማረጋጊያውንና የፎከሱን አሠራር ሊያዳክም እንደሚችል ገልጾ፣ ስልክን በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ማሰር እንደማይመከር ተናግሯል፤ አነስተኛ ሞተር ላላቸው ደግሞ ንዝረት የሚውጥ መያዣ እንዲጠቀሙ መክሯል። ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ስልካቸውን መሪው ላይ አስረው ካርታ እያዩ ዕቃ የሚያደርሱትን ወጣቶች በቀጥታ ይመለከታል። ክፍሉ ከፋብሪካ ደካማ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜም አለ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. አፕል ከአይፎን 6 ፕላስ ጥቂቶቹ ፎቶ የሚያደበዝዝ የካሜራ ክፍል እንዳለባቸው አምኖ በነፃ ቀይሯል።

የሞተር ጉዳት የሚታወቀው እንዲህ ነው። ስልኩን ጠርዙ ላይ አቁሙና መጽሐፍ አስደግፋችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ካሜራውን ክፈቱ። የማይነካ ስልክ ስክሪኑ ላይ ምስሉ እንደ ውሃ ከተንቀጠቀጠ እጃችሁ ከክሱ ነጻ ነው። ጆሮ ስታስጠጉ ጥዝዝታ ወይም ቅጭልጭልታ ይሰማል። ከዚያ ወደ 0.5x ቀይሩ፤ በብዙ ስልኮች ይህ ሰፊ ሌንስ ማረጋጊያ ሞተር የለውም፤ 1x ተንቀጥቅጦ 0.5x ከረጋ ጉዳቱ የዋናው ካሜራ ነው። ስልኩን ወደ ጣሪያና ወደ ወለል ስታዞሩት ችግሩ ከተለዋወጠም የላላውን ሌንስ የመሬት ስበት እየጎተተው ነው። አንድ የተሳሳተ ምልክት ግን ልጠቁም። ካሜራው ተዘግቶ ሳለ ስልኩ ሲወዘወዝ የሚሰማው ስስ ኳኳታ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሌንሱ ልቅ ስለሆነ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ጤነኛ ካሜራ ሲከፈት ድምፁ ይጠፋል።

ይህም ሆኖ ምልክቱ ሁሉ ተሟልቶ ሞተሩ ጤነኛ የሆነበት ጉልህ ማስረጃ አለ፤ የሙግቴን ወሰን ስለሚያሳይ አልዘለውም። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. አይፎን 14 ፕሮ ገና እንደወጣ በአንዳንድ የሌሎች ድርጅቶች መተግበሪያዎች ውስጥ ካሜራው በድምፅ ጭምር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያየ ሁሉ ሞተሩ ተሰበረ ሊል ይችል ነበር። የስልኩ የራሱ ካሜራ መተግበሪያ ግን ደህና ነበር፤ ችግሩም iOS 16.0.2 ሲለቀቅ ተፈታ። ስለዚህ ሞተር ተበላሸ ከማለት በፊት በስልኩ የራሱ ካሜራ ማየትና ስልኩን ማዘመን ግድ ነው።

እስቲ ይህን ሁሉ በአንድ ስልክ ላይ እንሞክረው። ባለቤቱ ዕቃ አድራሽ ነው እንበል፤ ስልኩ አይፎን 11 ነው፤ ሽፋኑ በማግኔት የሚዘጋ፣ ካሜራው ላይ ተለጣፊ መስታወት ያለበት ነው፤ ወራቱን ሁሉ መሪው ላይ ታስሮ ከርሟል። ማታ የተነሳው መብራት ጭጋግም፣ ክብም፣ ክርም አለው። ተለጣፊው ተነስቶ መስታወቱ ሲጠረግ ጭጋጉ ይለቃል። ሽፋኑ ሲወልቅ የጋዜጣው ጽሑፍ ይጠራል፤ ክቡም ይጠፋል። ስልኩ ተደግፎ በራሱ የካሜራ መተግበሪያ ሲከፈት ግን 1x ላይ ምስሉ አሁንም ይርገበገባል፤ የዚህ ስልክ 0.5x ሌንስ ማረጋጊያ የለውም፣ እሱ ጸጥ ብሏል። ስልኩ ቢዘመንም ለውጥ የለም። አሁን ያለ ጥርጣሬ የሞተር ጉዳት ነው ማለት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም መጀመሪያ ካሜራው ተቀይሮ ሽፋኑና ተለጣፊው ተመልሰው ቢደረጉ፣ ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ ያንኑ ጭጋግና ያንኑ የሳተ ፎከስ ይዞ ይመለስ ነበር፤ አዲሱንም ካሜራ «ፎርጅድ ነው» ይለው ነበር።

የጥገና ባለሙያዎች በዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ አላቸው። ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ ይህን ሁሉ መሞከር ጊዜ ይፈጃል፤ ደግሞም ሞተሩ ለብቻው ስለማይጠገን መጨረሻው መቀየር ነው ይላሉ። ሁለተኛው እውነት ነው፤ ሌንሱ፣ ሞተሩና ሴንሰሩ በአንድ የታሸገ ክፍል ውስጥ ስለሆኑ የሚቀየሩት አብረው ነው። የመጀመሪያውን ግን አልቀበልም፤ ሽፋን አውልቆ፣ መስታወት ጠርጎ፣ ስልክ ደግፎ ማየት ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ ባለቤቱም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። መቀየሩ ግድ ሲሆን አዲሱ ካሜራ እዚያው ሱቅ በር ላይ፣ ያለ ሽፋን፣ በቅርብም በሩቅም ይሞከር። ከአይፎን 12 ወዲህ ባሉት ስልኮች Settings ውስጥ General፣ ከዚያ About ሲከፈት ካሜራው ከአፕል ያልሆነ እንደሆነ Unknown Part የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ የተነገረን ዋጋና የገባው ዕቃ መገጣጠማቸውን ማየት የሚቻለው እዚያ ነው። ለዚያ ዕቃ አድራሽ ደግሞ አዲሱ ካሜራ የገባለት ስልክ ወደ መሪው መመለስ የለበትም። ካርታ ለማየት ማረጋጊያ ሞተር የሌለው አሮጌ ስልክ ይበቃል፤ ያ ከሌለ ንዝረት የሚውጥ መያዣ ይደረግለት፣ ያም ሆኖ ረጅም መንገድ ሲሆን ስልኩ ወደ ኪስ ይግባ።